በድሬዳዋው ራፍ ከት ላይ ያለኝ አስተያየት

ሰላም እህቴ፣

ስለ ድሬዳዋ ባቡር የምትሠሪውን ዘጋቢ ፊልም የመጀመሪያ ቅንብር፣ ማለትም የራፍ ከቱን ትራንስክሪፕትና የምስል መግለጫ አነበብኳቸው። ፊልሙን ስላላየሁ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ድምፁ አልናገርም። ስለ ቅደም ተከተሉና ስለ ፍጥነቱ ግን ወረቀቱ ብዙ ነገር ያሳብቃል።

ዋናውን ላስቀድም። ፊልምሽ ያለው 29:50 ላይ ነው። ጡረተኛው መካኒክ "ልጄ የሚሠራበትን ባቡር አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም" ይላሉ። ሳነበው ብድግ አልኩ። 34 ደቂቃ ላለው ፊልም ይህ ዓረፍተ ነገር በጣም ዘግይቷል። ተመልካቹ ቀደም ብሎ ቢሰማው "ይሳፈሩ ይሆን?" እያለ እስከ መጨረሻው ይከተላቸው ነበር። አሁን ግን ጥያቄውና መልሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተጨናንቀዋል።

የት ይግባ ካልሽኝ፣ 9:40 ላይ የድሮውን ሞተር ለማስነሳት ሲሞክሩ። መግለጫሽ "ሞተሩ ሁለቴ ያስላል፣ ይጠፋል፤ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ" ይላል። ጨርቁ ላይ ቆይና ንግግሩን እዚያ አስገቢው። እንደዚያ ካደረግሽ ሁለት ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የሞተሩ መነሳትና የእሳቸው መሳፈር። ፊልሙን እነዚህ ሁለቱ ይሸከሙታል።

አሁን የሚሸከመው ትረካው ነው፤ እሱ ደግሞ ከብዷል። የመክፈቻውን ትረካ ጮክ ብዬ ሳነበው ከ4 ደቂቃ በላይ ወሰደ። ታይምኮዱ ላይ ግን 3:10 ነው። ተራኪሽ እየሮጠ ነው ማለት ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ መድረሱ፣ በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ፣ እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑ፣ የፈረንሳዩ ኩባንያ፣ የሐዲዱ ስፋት፣ ሁሉም ገና አንድ ሰው ሳንተዋወቅ ይወርድብናል። ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሰዎች ታሪክ ይሆንብናል።

ከዚያ ሁሉ አንዱን አትንኪው፤ ግን ቦታውን ቀይሪው። መስመሩ በተራራው ምክንያት ሐረርን ትቶ ሲያልፍ ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር ተወለደች የሚለውን። 30:40 ላይ መካኒኩ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው አዲሱ ጣቢያ ይሄዳሉ። የድሮው ባቡር ከተማ ፈጠረ፣ አዲሱ ከከተማዋ ውጭ ይቆማል። ትረካው እዚያ መንገድ ላይ፣ በመኪናው መስኮት ላይ ቢሰማ መረጃ መሆኑ ይቀርና ያማል። የቀሩት ዓመተ ምሕረቶች መክፈቻው ላይ በአንድ ጽሑፍ ገብተው ይለቁ።

መካከሉ፣ ከ12 እስከ 22፣ ዝርግ ነው። ሦስት ሰዎች በየተራ "ፈረንሳይኛ የተማርነው ሥራ ላይ ነው" ይላሉ። ሦስቱም ደስ ይላሉ፣ አውቃለሁ፤ ለመጣል ያሳዝናሉ። ግን አንዱን ብቻ አስቀሪ፣ የመሣሪያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ እየጠሩ የሚያሳዩትን። እሳቸው እየሠሩ ነው የሚናገሩት፣ ሌሎቹ ወንበር ላይ ናቸው። የታሪክ ምሁሩም አራቴ ይመጣሉ። ሁለቴ ይበቃቸዋል። 18:05 ላይ የሚሉትን መካኒኩ 16:30 ላይ በራሳቸው አፍ፣ ያውም አሳምረው ብለውታል።

ልጁ 19ኛው ደቂቃ ላይ ነው ብቅ የሚለው። ዘግይቷል። ከ10 በፊት የደንብ ልብሱን ሲለብስ ብቻ አሳዪን፤ አንድ ቃል ባይናገርም ግድ የለም።

አንድ ያልፈረድኩበት ቦታ አለ። ከ14:20 እስከ 15:05 ንግግር የለም፤ መግለጫሽ "ዝገት፣ ፉርጎ፣ ድሮን" ይላል። 45 ሰከንድ ትንፋሽ መውሰጃ ሊሆን ይችላል፣ የሞተ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዪውና ስልኩን መቼ እንደሚያነሳ ተመልከቺ። ድሮኑ ግን በመግለጫው ሦስት ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን ምረጪ። ከ29:50ው ንግግር በኋላም ወዲያው ወደ ሐዲዱ ትቆርጫለሽ። አትቁረጪ። ፊታቸው ላይ ቆዪ።

መጨረሻ ሦስት አለሽ። 31:10 ባቡሩ ይወጣል፣ 32:00 ወርክሾፑ ይዘጋል፣ 33:20 ጽሑፍ ይመጣል። እኔ የመጀመሪያው ላይ አቆመዋለሁ። የወርክሾፑ መዘጋት የሚያምር ሾት ነው የሚመስለው፤ ወደ 22 ሄዶ የመካከሉ መዝጊያ ቢሆን ግን ይጠቅምሻል። ጽሑፉ ላይ ያለው ቁጥር እንዳልኩሽ ወደ መክፈቻው ይሄዳል።

ስለ ርዝመቱ አትጨነቂ፤ ይህ ከተደረገ ራሱ ወደ 26 ደቂቃ ይወርዳል ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መግለጫው ላይ መካኒኩ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ያበቃል። በሩን ሲያልፉ የቀረጽሽው አለሽ? ካለሽ ጥሬውን ምስል ላኪልኝ፣ የመጨረሻውን ትዕይንት አብረን እንመልከተው።