ለጀማሪ፦ ባለ 24 ረድፍ የኪሮሽ ዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ

ኪሮሽ መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቀጭን ነጭ ክር ነው። የሶፋ ዳንቴል ወይም የረከቦት ልብስ አይቶ ያንኑ መሥራት ያምረዋል። ቀጭን ክር ግን ለጀማሪ አይመከርም። ስቲቹ አይታይም፣ ቢሳሳቱ መተርተሩ ያስቸግራል፣ ሥራውም ቶሎ አያልቅም። እኔ የምመክረው በዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ መጀመር ነው። ክሩ ወፍራም ነው፣ ሥራው አራት ማዕዘን ነው፣ ትንሽ ቢጣመምም ሳህን ከማጠብ አያግደውም። አራት ነገር ብቻ ትማራላችሁ፤ በእነሱ ደግሞ ሌላ ብዙ ነገር መሥራት ትችላላችሁ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ፦ በየረድፉ መጨረሻ ቁጠሩ። ከ1 እስከ 24 ያለው ረድፍ ሁሉ 28 ስቲች ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ጨርቁም ልክ ይሆናል።

የሚያስፈልጋችሁ

50 ግራም መካከለኛ ውፍረት ያለው የጥጥ ክር፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ (ቁጥሩ እጀታው ላይ ተጽፏል)፣ መቀስ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ፣ ማስመሪያ።

ክሩ የግድ ጥጥ ይሁን። ሰው ሠራሽ ክር ውኃ በደንብ አይመጥም፣ ትኩስ ድስት ሲነካ ደግሞ ሊቀልጥ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈበት ክር ካጋጠማችሁ ቁራጭ ቆርጣችሁ በጥንቃቄ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና አመድ ይሆናል። ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፣ ለዚህ ሥራ ተዉት። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ለስላሳ አረንጓዴ። በጥቁር ክር ላይ ስቲች መለየት ለለመደ ሰውም ይከብዳል። ሙሉ ነጭ ደግሞ የወጥ ቀለም ይይዛል።

ሲያልቅ ከነጠርዙ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል።

የስቲች መፍቻ

ሰ (ሰንሰለት)፦ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ፣ ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ስባችሁ አውጡ።

ነ (ነጠላ)፦ ኪሮሹን ስቲቹ ውስጥ አስገቡ፣ ክር ስባችሁ አውጡ። አሁን ሁለት ቀለበት አለ። ክር ጠምጥሙና በሁለቱም ውስጥ አንድ ጊዜ አሳልፉ።

ድ (ድርብ)፦ መጀመሪያ ክር ጠምጥሙ፣ ከዚያ ኪሮሹን ስቲቹ ውስጥ አስገቡ፣ ክር ስባችሁ አውጡ። ሦስት ቀለበት ይኖራል። ክር ጠምጥማችሁ በሁለቱ አሳልፉ፣ ሁለት ይቀራል። እንደገና ጠምጥማችሁ በቀሩት ሁለት አሳልፉ።

ማ (ማገናኛ)፦ ኪሮሹን አስገቡ፣ ክር ጠምጥሙ፣ በስቲቹም በቀለበቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ስባችሁ አውጡ።

(ነ፣ ድ) × 14፦ በቅንፍ ውስጥ ያለውን 14 ጊዜ ድገሙ። በአንዱ ስቲች ላይ ነጠላ፣ በሚቀጥለው ላይ ድርብ ማለት ነው።

በቪዲዮ ለምትከታተሉ፦ እዚህ ነጠላ ያልኩት አሜሪካውያን ሲንግል ክሮሼ የሚሉት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ደብል ክሮሼ ይሉታል። ስለዚህ ቪዲዮው የየትኛው አገር እንደሆነ ሳታዩ አትጀምሩ።

ኪሮሹ የት ይገባል?

ጀማሪዎች በብዛት የሚደናገሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የሠራችሁትን ረድፍ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። ጠርዙ ላይ በጎናቸው የተኙ የ«ሀ» ፊደሎች የተደረደሩ ይመስላል። አንዱ «ሀ» አንድ ስቲች ነው። ስትቆጥሩም እነሱን ቁጠሩ። ኪሮሹ የሚገባው ከ«ሀ»ው ሁለቱም እግሮች ሥር ነው፣ ሁለቱም ክሮች ከኪሮሹ በላይ መሆን አለባቸው። አንዱን ብቻ ከያዛችሁ ጨርቁ ይሳሳል፣ መስመርም ያወጣል።

በየረድፉ መጀመሪያ የምትሠሩት ሰ 1 ከፍታ ለማግኘት ብቻ ነው፤ እንደ ስቲች አይቆጠርም። የመጀመሪያው ነጠላ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ስቲች ላይ ሳይሆን እዚያው ሥሩ ባለው በመጀመሪያው ስቲች ላይ ይገባል።

መነሻ

15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ትታችሁ ሸምቀቆ ሥሩና ኪሮሹ ላይ አጥልቁ። ሰ 29 ሥሩ። ሸምቀቆው አይቆጠርም፣ ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበትም አይቆጠርም። ላላ አድርጋችሁ ሥሩ። ሰንሰለቱ ከጠበቀ የጨርቁ ታች ይሰበሰባል።

የታችኛው ክፍል

ረድፍ 1፦ ከኪሮሹ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያ ሰንሰለት ዝለሉ። ከሁለተኛው ጀምሮ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ነ 1። = 28

ሥራውን ገልብጡ። ከዚህ በኋላ በየረድፉ መጨረሻ ትገለብጣላችሁ፣ ደግሜ አልጽፈውም።

ረድፍ 2፦ ሰ 1፣ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28
ረድፍ 3፦ ሰ 1፣ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28

እዚህ ቆም በሉና ስፋቱን ለኩ። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከ18 በታች ከሆነ እጃችሁ ጠባቂ ነው፣ ተርትራችሁ በ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ጀምሩ። ከ22 በላይ ከሆነ በ4 ሚሊ ሜትር። ሦስት ረድፍ መተርተር ምንም አይደለም። 20 ረድፍ ከሠሩ በኋላ ነው የሚያንገበግበው።

መሀሉ

መሀሉን ነጠላና ድርብ እያፈራረቅን እንሠራለን። አጭሩ ረጅሙን እየጎተተ ፊቱን ጎርበጥ ጎርበጥ ያደርገዋል። የደረቀ ሽሮ ከድስት የሚያስለቅቀው ይሄ ጉርብጥ ነው። ለዚህ ነው ዝም ብሎ በነጠላ ከመጨረስ ይህን የመረጥኩት።

ረድፍ 4፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 5፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28

ረድፍ 5 ላይ አስተውሉ። ረድፍ 4 በድርብ ስላለቀ ሲገለበጥ መጀመሪያ የምታገኙት ድርብ ነው፣ እሱ ላይ ነጠላ ትሠራላችሁ። ቀጥሎ ያለው ነጠላ ነው፣ እሱ ላይ ድርብ። ሁልጊዜ በድርብ ላይ ነጠላ፣ በነጠላ ላይ ድርብ። ነጠላ በነጠላ ላይ ካረፈ አንድ ስቲች ዘላችኋል ወይም ጨምራችኋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱና ፈልጉት። እያንዳንዱ ረድፍ በነጠላ ይጀምራል፣ በድርብ ያልቃል።

ረድፍ 6፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 7፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 8፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 9፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 10፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 11፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 12፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28

ግማሽ ደርሳችኋል። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ሁለቱን ጎኖች እዩ። ወደ ውስጥ እየጠበበ ከሆነ የረድፉን የመጨረሻ ስቲች እየዘለላችሁ ነው። ጥግ ላይ ተጣብቆ ስለሚደበቅ በቀላሉ ያመልጣል፣ በጥፍራችሁ ገለጥ አድርጉት። እየሰፋ ከሆነ ደግሞ ሰ 1ን እንደ ስቲች ቆጥራችሁ እሱ ላይ እየሠራችሁ ይሆናል።

ረድፍ 13፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 14፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 15፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 16፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 17፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 18፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 19፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 20፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28
ረድፍ 21፦ ሰ 1፣ (ነ፣ ድ) × 14። = 28

የላይኛው ክፍል

ረድፍ 22፦ ሰ 1፣ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28
ረድፍ 23፦ ሰ 1፣ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28
ረድፍ 24፦ ሰ 1፣ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28

ክሩን አትቁረጡ። አትገልብጡም። ጠርዙን በዚሁ ክር እንቀጥላለን።

ጠርዝ (አንድ ዙር)

ሰ 1 ሥሩ፣ ጨርቁን አዙሩና በጎኑ ቁልቁል ውረዱ።

መጀመሪያ ጎን፦ በእያንዳንዱ የረድፍ ጫፍ ላይ ነ 1። በረድፍ 16 እና በረድፍ 8 ጫፍ ላይ ግን ነ 2። = 26። ከዚያ ለጥጉ ሰ 2።

ታች፦ በመነሻው ሰንሰለት ሥር፣ ከእያንዳንዱ ስቲች ግርጌ ነ 1። = 28። ለጥጉ ሰ 2።

ሁለተኛ ጎን፦ እንደ መጀመሪያው፣ አሁን ግን ሽቅብ። በረድፍ 8 እና በረድፍ 16 ጫፍ ላይ ነ 2፣ በቀሩት ነ 1። = 26። ለጥጉ ሰ 2።

ላይ፦ በእያንዳንዱ ስቲች ላይ ነ 1። = 28። ለጥጉ ሰ 2፣ ከዚያ በዙሩ የመጀመሪያ ነጠላ ላይ ማ 1።

የዙሩ ድምር፦ 108 ነጠላ፣ አራት ጥግ፣ በየጥጉ ሰ 2።

የጎኑ ጫፍ እንደ ላይኛው የተስተካከለ «ሀ» የለውም። የቀረባችሁ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ፣ ግን አንድ ክር ብቻ አትያዙ። በተለይ ድርብ ባለበት ጫፍ ሁለት ክር ካልያዛችሁ ቀዳዳ ይከፈታል።

ማንጠልጠያና ማጠናቀቂያ

ሰ 12 ሥሩ፣ ማገናኛው ባረፈበት ቦታ ላይ ማ 1። ማንጠልጠያው አለቀ። መንጠቆ ከሌላችሁ ተዉት።

15 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ክሩን ቁረጡ፣ ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ጥብቅ አድርጉ። ሁለቱንም ጫፎች በመርፌ በጨርቁ ጀርባ በአምስት ስድስት ስቲች ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይራችሁ መልሱ። ይህ መልስ ጉዞ እንዳይቀር። ቋጥሮ መቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ይህ ጨርቅ በየቀኑ የሚታሽና የሚጨመቅ ነው፣ ቋጠሮው ይፈታል።

ግራኞች ሁሉንም እንደተጻፈው ሥሩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዳችሁ ብቻ ነው ልዩነቱ። ቁጥሩ አይለወጥም።

ከመጠቀማችሁ በፊት አንዴ በለብታ ውኃ እጠቡት፣ ጥጥ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሰበሰባል። ባለ ቀለም ከሆነ በረኪና አታስነኩት። ከተጠቀማችሁ በኋላ ጨምቃችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ እርጥብ እንደሆነ ጥግ ላይ ከተጣለ ይሸታል። ሁለት ብትሠሩ ደግሞ አንዱ ሲደርቅ በሌላው ታጥባላችሁ።