ለአዲሱ የውድድር ዘመን ስለሚያስፈልገው የተጫዋቾች ጫማ

የተከበራችሁ የታዳጊ ተጫዋቾቻችን ወላጆች፣

የአዲሱ የውድድር ዘመን ልምምድ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለሚጀመር፣ ልጆቻችሁ ይዘው መምጣት ያለባቸውን ጫማ አስቀድሜ ላሳውቃችሁ እወዳለሁ። ዘንድሮ ልምምዳችንም ሆነ አብዛኛው ግጥሚያችን የሚካሄደው በሰው ሠራሽ ሣር ላይ በመሆኑ፣ የሚያስፈልገው ከሥሩ አጫጭርና በርከት ያሉ የጎማ ጥርሶች ያሉት ታኬታ ነው። ረጃጅም ጥርስ ያለው ታኬታ በእንዲህ ዓይነቱ ሜዳ ላይ እግርን ጨምድዶ ስለሚይዝ፣ ልጁ በድንገት ሲዞር ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሊጎዳ ይችላል፤ የብረት ጥርስ ያለው ደግሞ ለሌሎቹም ልጆች አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ አልፈቅድም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ልኩን ነው። «ያድግበታል» ተብሎ በሚገዛ ሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ስለሚንሸራተት ተረከዝ ይላጣል፤ ኳስ መቆጣጠርም ያስቸግራል። ጫማው ሲሞከር ልጁ የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ይቁም፤ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ በቂ ነው።

ጫማው ውድ ወይም አዲስ እንዲሆን አልጠብቅም። ከታላላቆቻቸው የተላለፈ ታኬታ፣ ጥርሱ እስካላለቀና ሶሉ እስካልተላቀቀ ድረስ፣ ያገለግላል። አዲስ ከሆነ ግን እግር እንዳይልጥ፣ ከልምምዱ በፊት ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ ቢለማመዱበት ይመረጣል። ታኬታ ያልደረሰለት ልጅ በተራ የስፖርት ጫማ ይጀምር እንጂ በዚህ ምክንያት ከልምምድ እንዳይቀር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታዳጊዎች ቡድን አሰልጣኝ