የግቢያችንን ግሩፕ ቅጂ ስለ መጠየቅ

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ውድ ጓደኛዬ ትዕግስት፣

አንቺም ልጆችሽም እንደምን ሰነበታችሁ? በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ጉዳዩ ዝርዝር ስላለውና ኮምፒውተር ላይ ስትቀመጪ እያየሽ እንድትሠሪው ስለፈለግሁ በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ። የምጠይቅሽ «የግቢያችን ልጆች» በሚለው የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ የተጻፈውንና የተነገረውን ሁሉ ኤክስፖርት አድርገሽ ቅጂውን እንድትልኪልኝ ነው።

እንደምታውቂው እኔ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በቅያሜ ከግሩፑ ስወጣ ውይይቱን ከስልኬ አጥፍቼ ስለነበር ዛሬ በእጄ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ግሩፑን የከፈተው ወንድማችን የሚጽፍበት ሰው ስለጠፋ በመጪው ጥቅምት መጨረሻ ሊዘጋው እንዳሰበ ነገረኝ። እሱ ካጠፋው ከሁላችሁም ስልክ ላይ አብሮ ይጠፋል። ሐሳቡን እንዲለውጥ ለምኜዋለሁ፣ ቁርጥ ያለ መልስ ግን አልሰጠኝም፤ ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ ቅጂው ከቴሌግራም ውጭ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን ያህል የምጨነቀው በእማማ ዘነበች ድምፅ ምክንያት ነው። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ግቢያችን ለኮሪደር ልማቱ ተነስቶ ሁላችንም ከፒያሳ ከተበተንን በኋላ፣ እማማ በልጅ ልጃቸው ስልክ እየቀዱ የሚልኩልን የድምፅ መልእክት ትዝ ይልሽ ይሆናል። ከመነሳታችን በፊት ግን፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ የላኩት ይበልጣል። በአንደኛው ከትልቁ በር ጀምረው ቤቶቹን በቀኝ በኩል አንድ በአንድ እየቆጠሩ ማን መጀመሪያ እንደገባባቸው፣ ማን ማንን እዚያ ድሮ እንደዳረ፣ የጋራው ማድቤት ከመሠራቱ በፊት እንጀራ የት ይጋገር እንደነበር ይናገራሉ። ቦኖው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ይስላሉ፤ ከበስተጀርባም የጊዮርጊስ ደወል ይሰማል። ያንን መልእክት የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያውም ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። እማማ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው በጥር ለሚደረገው የመንፈቅ ዝክራቸው ታሪካቸውን በትንሽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላቸው አደራ ሰጥተውኛል። እኔ ከማስታውሰው ይልቅ እሳቸው ራሳቸው የተናገሩት እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

መልእክቶቹን አንድ በአንድ ወደ እኔ ፎርዋርድ ብታደርጊያቸው አይበቃም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከሥሩ የሚያሳየው የተላለፈበትን ሰዓት እንጂ መጀመሪያ የተጻፈበትን አይደለም፤ ለእኔ ደግሞ የቀኑ ቅደም ተከተል ዋና ነገር ነው። ስክሪንሾትም ድምፅ አይዝም።

ኤክስፖርት የሚደረገው በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ነው። ግሩፑን ከፍተሽ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኚ Export chat history የሚል ታገኛለሽ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ Photos፣ Voice messages፣ Video files እና Files የሚሉት ሁሉ ምልክት እንዲደረግባቸው እለምንሻለሁ፤ Voice messages ከተዘለለ በድምፁ ቦታ Not included የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀርና ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለውን የፋይል መጠን ገደብም ከፍ አድርጊው፤ ግቢው ከመፍረሱ በፊት በነበረው ምሽት በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ትልቅ በመሆኑ በገደቡ ምክንያት እንዳይቀር ነው። ስቲከር አያስፈልገኝም። ፎርማቱ HTML ይሁን፣ እንደ መጽሐፍ እየተገለጠ ይነበባልና። ኮምፒውተሩ ላይ አካውንትሽን የከፈትሽው በቅርቡ ከሆነ፣ ቴሌግራም ለጥንቃቄ ሲል አንድ ቀን ያህል እንድትጠብቂ ሊያደርግሽ ይችላል፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ቀን አታቆዪው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቴሌግራም የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከመስከረም 12 ቀን 2023 እስከ ሐምሌ 7 ቀን 2024 ብለሽ ገድቢው፤ ይህም በእኛ ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈው እኔ በሌለሁበት የተነገረ፣ የእናንተ የግል ጉዳይ ነው። የአንዷ እህታችን ሕመም የተወራውም በዚያ ጊዜ መሆኑን ሰምቻለሁ። ያንን ላይ መብት የለኝም፣ ልይም አልፈልግም።

ከዚያ በፊት ካለው ግን ምንም እንዳትቀንሺ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ይህን የምልሽ ደግ ሰው ስለሆንሽና ሳታስቢው ልትሸፍኚልኝ ስለምትችዪ ነው። ለዕቃ ማጓጓዣ አይሱዙ አዋጥተን የተረፈውን ብር አስመልክቼ በሂሳብ ያዣችን ላይ የጻፍኩት ክፉ ቃል እዚያው አለ። በማግሥቱ እሷ ደረሰኞቹን ፎቶ አንስታ እንዳስቀመጠች ኋላ ላይ ሰማሁ፤ እኔ ግን ወጥቼ ስለነበር አላየኋቸውም። ደረሰኞቹን በዓይኔ አይቼ፣ የጻፍኩትንም አንብቤ፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ወስኛለሁ። የበደልኩትን በትክክል ሳላውቅ ይቅርታ ብላት ለታይታ ይሆንብኛል።

ፈቃድን በሚመለከት፣ በዚያን ጊዜ በግሩፑ ይጽፉ ከነበሩት ከሂሳብ ያዣችን በስተቀር ሁሉንም በስልክ አግኝቼ ፈቅደውልኛል፤ የእማማ ልጆችም እንዲሁ። እሷን እኔ መጠየቁ ስለከበደኝ አንቺ እንድትጠይቂልኝ እለምንሻለሁ። እምቢ ካለች ቅጂውን አንቺው ዘንድ አቆይውና የእማማን ድምፅ ብቻ፣ የተላከበትን ቀን በወረቀት ጽፈሽ፣ ስጪኝ። የሚደርሰኝን ለሌላ ሰው አላሳይም፤ በዝክሩ ጽሑፍ ውስጥም ከእማማ ቃል በስተቀር የማንንም አላስገባም።

ኤክስፖርቱ ሲያልቅ ስሙ ChatExport ብሎ የሚጀምር ፎልደር ታገኛለሽ። messages.html የሚለውን ፋይል ብቻ ነጥለሽ ብትልኪልኝ ድምፁም ፎቶውም አይከፈትም፤ ሁሉም በፎልደሩ ውስጥ ለየብቻ ስለሚቀመጡ እንዳለ ሙሉውን መሆን አለበት። በኢንተርኔት ከመላክ በፍላሽ ብትሰጪኝ እመርጣለሁ፤ ፋይሉ ከባድ ነው፣ ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችልም ነው። ባዶ ፍላሽ አስቀድሜ በእህትሽ በኩል እልክልሻለሁ።

ከቻልሽ እስከ ጥቅምት 10 ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ ስለምሳለም፣ በትልቁ በር በኩል እጠብቅሻለሁ፤ የማይመችሽ ከሆነ ደውዪልኝና ቢሮሽ ድረስ እመጣለሁ።

አክባሪ ጓደኛሽ፣
ሰለሞን