በአምልኮ ሰዓት ስለ ስልክና ስለ ፎቶ

ውድ ምዕመናን፣

ስልክ ይዞ መግባት አይከለከልም፤ ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡት ከስልካችሁ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፣ የማያውንም ብርሃን ቀንሱ። ድምፅ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፦ ንዝረቱ በእንጨት ወንበር ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ አላርም ደግሞ ድምፁ በጠፋ ስልክም ላይ ሊጮኽ ስለሚችል ለብቻው አጥፉት።

ተረኛ ሐኪሞችና ታማሚ ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ። በበሩ አጠገብ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ለእናንተ ተይዘዋል፤ ሲደወል ወጥታችሁ አንሱ።

በጥምቀትና በሠርግ ዕለት ሰማያዊ ባጅ ያደረጉ ሁለት አገልጋዮች ፎቶ ያነሣሉ፤ ቤተሰቡም ፎቶውን በሦስት ቀን ውስጥ ያገኛል። ራሳችሁ ማንሣት ከፈለጋችሁ ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ፣ ያለ ፍላሽ፣ ሁለት ሦስት ይበቃል። ስልክ ከራስ በላይ ሲነሣ ከኋላ ያሉት እናትና አባት የልጃቸውን ጥምቀት በሰው ማያ ለማየት ይገደዳሉ።

በጸሎት፣ በንስሐና በቁርባን ሰዓት ግን ባለ ባጆቹም ጭምር ማንም አያነሣም። በእግዚአብሔር ፊት የሚያለቅስ ሰው ካሜራን ሊሠጋ አይገባውም።

ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ከበስተጀርባ ማን እንዳለ እዩ። እዚህ መምጣቱ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የልጆችን ፎቶ ደግሞ ያለ ወላጅ ፈቃድ አትለጥፉ። በጉባኤው ገጽ ላይ የማትፈልጉት ፎቶ ካለ ለአስተናጋጆች ንገሩ፤ ምክንያት ሳንጠይቅ በዕለቱ ከገጹ እናወርደዋለን።

አስተናጋጅ ስልክ አይቀማም፣ ከመድረክም ስም አይጠራም። ቀርቦ በጆሮ ያስታውሳል።

የጉባኤው አስተናጋጆች