ለብሎክ 14 ቤት ባለቤቶች፦ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የማህበራችን አባላት በሙሉ፣

እንደምታውቁት የውሃ ፓምፓችን ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እናቶቻችን ጄሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ እየወጡ ነው። ይህ እስከ መደበኛው ጉባኤ ሊቆይ አይገባም። 14 አባላትም ፈርመው ስብሰባ ጠይቀዋል። ስለዚህ መተዳደሪያ ደንባችን በሚያዘው መሠረት ከ15 ቀን ቀደም ብለን ጠርተናችኋል።

ስብሰባው እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በጋራ መጠቀሚያ ሕንፃው ይካሄዳል።

አጀንዳ
1. አዲስ ፓምፕ መግዛት። ከነማስገጠሚያው 186,000 ብር ተጠይቀናል። በባንክ ያለን 58,400 ብር ነው። ቀሪው 127,600 ብር ለ40 ቤት ሲካፈል በቤት 3,190 ብር ይደርሳል። በአንዴ ወይስ በሁለት ጊዜ ይከፈል የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። የሦስት ሻጮች ዋጋ ማቅረቢያ ጥበቃው ጋ አለ፤ እባካችሁ ቀድማችሁ እዩት።
2. በለቀቁት ገንዘብ ያዥ ምትክ መምረጥ።

ከእነዚህ ውጪ ውሳኔ አይሰጥም። የጥበቃ ደመወዝ ጉዳይ ለመደበኛው ጉባኤ ይቆየን።

ምልዓተ ጉባኤው 21 አባል ነው። መምጣት የማትችሉ በጽሑፍ ወክሉ፤ አንድ ሰው ከአንድ አባል በላይ መወከል አይችልም። ተከራይ ያለ ውክልና ድምፅ አይሰጥም። ካልሞላን በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ እሑድ ታኅሣሥ 5 እንሰበሰባለን፤ ያን ቀን በተገኘው አባል ይወሰናል።

ውጭ አገር ላሉ ባለቤቶች ጥሪውን የምታደርሱልን ጎረቤቶች፣ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
የማህበሩ ሰብሳቢ