የጥያቄ 7(ለ) ሙሉ ማረጋገጫ በሒሳብ ኢንዳክሽን

ከመጽሐፍ ገጽ በፎቶ ተነሥቶ የቀረበው የዲስክሪት ማቲማቲክስ መልመጃ፣ ጥያቄ 7(ለ)፣ የሚከተለው እኩልነት ለማንኛውም ኢንቲጀር n ≥ 1 እውነት መሆኑን በሒሳብ ኢንዳክሽን እንድናረጋግጥ ይጠይቃል።

```
1·2^1 + 2·2^2 + 3·2^3 + ... + n·2^n = (n − 1)·2^(n+1) + 2
```

ፎቶው የገጹ ጠርዝ ላይ ስለደበዘዘ፣ በቀኝ ጎን ያለው የ2 አርቢ n ይሁን n+1 በዓይን ብቻ አይለይም። በ n = 1 መፈተንም አይረዳም፤ (n − 1) ዜሮ ስለሚሆን አርቢው ምንም ሆነ ምን ቀኝ ጎኑ 2 ይወጣል። በ n = 2 ግን የግራው ድምር 2 + 8 = 10 ሲሆን፣ አርቢው n+1 ከሆነ ቀኙ 1·8 + 2 = 10፣ n ከሆነ ደግሞ 1·4 + 2 = 6 ይሆናል። ስለዚህ የታተመው n+1 ነው ብለን እንቀጥላለን።

ማረጋገጫ። ከላይ የተጻፈውን እኩልነት P(n) እንበለው።

መነሻ ደረጃ። n = 1 ሲሆን ግራ ጎኑ 1·2^1 = 2፣ ቀኝ ጎኑ 0·2^2 + 2 = 2 ነው። ስለዚህ P(1) እውነት ነው።

የኢንዳክሽን ግምት። m ≥ 1 የሆነ አንድ ኢንቲጀር እንውሰድና P(m) እውነት ነው ብለን እንገምት፤ ይኸውም

```
1·2^1 + 2·2^2 + ... + m·2^m = (m − 1)·2^(m+1) + 2
```

ግምቱ የተያዘው ለዚህ ለአንዱ m ብቻ ነው፤ «ለሁሉም m» ብሎ መጻፍ ሊረጋገጥ የተፈለገውን ነገር አስቀድሞ እንደ መቀበል ይቆጠራል።

የኢንዳክሽን እርምጃ። P(m+1) እውነት መሆኑን ማሳየት አለብን፤ በ n ቦታ m+1 ሲተካ ቀኝ ጎኑ m·2^(m+2) + 2 ስለሚሆን፣ መድረስ ያለብን እዚያ ነው። ከግራ ጎኑ እንነሣና የመጨረሻውን ተደማሪ ለይተን እንጻፍ።

```
[1·2^1 + ... + m·2^m] + (m+1)·2^(m+1)
  = (m − 1)·2^(m+1) + 2 + (m+1)·2^(m+1)
  = [(m − 1) + (m + 1)]·2^(m+1) + 2
  = 2m·2^(m+1) + 2
  = m·2^(m+2) + 2
```

የመጀመሪያው እኩልነት የተገኘው በትልቁ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ድምር በኢንዳክሽን ግምቱ በመተካት ነው፤ ግምቱ ሥራ ላይ የዋለውም እዚህ ብቻ ነው። ቀጥሎ 2^(m+1) የጋራ አባዥ ሆኖ ወጣ፤ በቅንፉ ውስጥ −1 እና +1 ተጣፍተው 2m ቀረ። በመጨረሻም 2·2^(m+1) = 2^(m+2) ስለሆነ የተፈለገው ቀኝ ጎን ተገኝቷል።

ስለዚህ P(m) እውነት በሆነ ጊዜ ሁሉ P(m+1)ም እውነት ይሆናል። P(1) እውነት መሆኑን ስላሳየን፣ በሒሳብ ኢንዳክሽን መርሕ መሠረት P(n) ለማንኛውም ኢንቲጀር n ≥ 1 እውነት ነው። ∎