ለብሔራዊ አትሌቲክስ ቡድን ዝግጅትና ውድድር የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዩኒየኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሆሳዕና

በግብዓት አቅርቦትና ስርጭት ክፍል ኃላፊ በኩል

ጉዳዩ፦ ከግንቦት 5 እስከ ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ፈቃድ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ምሕረት ኤርሚያስ ከጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒየኑ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ በመጋዘን ኃላፊነት እየሠራሁ እገኛለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በአትሌቲክስ የእርምጃ ውድድር ስወዳደር መቆየቴን ጽ/ቤቱ ያውቃል። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ በሴቶች የ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ አገሬን ወክዬ እንድወዳደር መመረጤን አሳውቆኛል። ውድድሩ በካሜሩን ዱዋላ ከሰኔ 14 እስከ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚካሄደው የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው። ቡድኑ ግንቦት 5 ቀን አዲስ አበባ ካምፕ ይገባል፤ የምንመለሰው ሰኔ 21 ቀን ነው። እኔም ሰኞ ሰኔ 24 ቀን ጠዋት በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።

የምጠይቀው ጊዜ ለመጋዘናችን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ወቅት መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የስንዴ ዘር የሚዘራበት ጊዜ ደርሶ መሠረታዊ ማኅበራት ዩሪያና ኤንፒኤስ ለመውሰድ የሚሰለፉት በግንቦትና በሰኔ ነው። ዝናቡም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ይከተላል። ይህን ደብዳቤ አርዝሜ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጽ/ቤቱ የሚወስነው እኔን ለመሸኘት ብቻ ሳይሆን፣ እኔ በሌለሁበት አንድም ገበሬ በእኛ ምክንያት ዘር እንዳያልፍበት ለማድረግም ነውና በሚገባ ሊታይ ይገባል።

አስቀድሜ ከክፍል ኃላፊዬ ጋር ስንነጋገር፣ ካምፑን ትቼ ለውድድሩ ሳምንት ብቻ ብሄድ አይበቃም ወይ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ ለመጋዘኑ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ተቀብዬዋለሁ፤ ነገር ግን በእኛ ውድድር የማይሆንበት ምክንያት አለው። እርምጃ እንደ ሩጫ ፍጥነት ብቻ አይደለም። አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ ወደፊት የተዘረጋው እግርም መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነት በላዩ ቀጥ ብሎ እስኪያልፍ ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ይህን ዳኞች በመንገዱ ዳር ዳር ቆመው በዓይናቸው ይከታተላሉ። ሦስት ዳኞች ቀይ ካርድ ካስመዘገቡብሽ በ20 ኪሎ ሜትር ሁለት ደቂቃ በቅጣት ቦታ ትቆሚያለሽ፤ አራተኛ ከተጨመረ ከውድድር ትወጫለሽ። ሰው ሲደክም ጉልበቱ መላላቱን ራሱ አያውቀውም። ከሆሳዕና ወደ ወራቤ በሚወስደው አስፋልት ላይ በንጋት ብቻዬን ስሠራ አካሄዴን የሚያይልኝ የለም፤ በካምፕ ግን አሠልጣኙ ከጎን እየተከተለ፣ በምስልም እየቀረጸ ስሕተቱን እዚያው ያርማል። ከቡድኑ ጋር ሳልዘጋጅ ብሄድ አንድ ቦታ ይዤ፣ አገር ወጪ አውጥቶብኝ፣ በመንገዱ አጋማሽ በቀይ ካርድ ልመለስ እችላለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የአየሩ ነው። ዱዋላ በባሕር ዳርቻ ላይ ያለች፣ ሙቀትና እርጥበት የተቀላቀለባት ከተማ ናት፤ እኛ ደግሞ የኖርነው በደጋ ቅዝቃዜ ነው። በሙቀት ውስጥ መሥራትን፣ ውሃና ጨው መቼና ምን ያህል እንደሚወሰድ ሰውነት ቀስ በቀስ ይለማመዳል እንጂ በአንድ ሳምንት አይለምድም። ቡድኑም የሕክምና ባለሙያ ስላለው ይህን በክትትል ያሠራናል።

በአገራችን የረጅም ርቀት ሯጮች በየክለቡ ታቅፈው ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሠለጥናሉ። በእርምጃ ውድድር እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው። የኋልዬ በለጠው በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ኢትዮጵያን ወክላ ስትቆም ካየሁ ጀምሮ ይህን ስፖርት የሙጥኝ ብዬ የያዝኩት፣ ሥራዬን ሳልለቅ በዕረፍት ሰዓቴ ነው። ሥራዬንም ስለምወደው መልቀቅን አስቤ አላውቅም። አሁንም የምጠይቀው ሄጄ እንድመለስ ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ ያቀረብኩት ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአገልግሎት ዘመኔ የሚገባኝ የ2016 ዓ.ም. የዓመት ዕረፍት 18 የሥራ ቀን ሲሆን እስካሁን አልወሰድኩትም። ከ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሥራ ብዛት ምክንያት የተላለፈልኝ 7 ቀን አለ። እነዚህ 25 የሥራ ቀናት ከግንቦት 5 ጀምሮ እንዲታሰቡልኝ፣ ካለቁበት ቀን በኋላ እስከ ሰኔ 22 ያለው ጊዜ ደግሞ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሆኖ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። አዋጁ ለብሔራዊ ቡድን ተብሎ በስም የለየው ፈቃድ እንደሌለ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድም በሠራተኛው ጥያቄ በአሠሪው መልካም ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን እንደ መብት ሳይሆን እንደ ጥያቄ ነው የማቀርበው። ጽ/ቤቱ ከዚህ የተሻለ አያያዝ ካለው፣ ለምሳሌ ቀሪውን ጊዜ ከነደመወዝ ቢፈቅድልኝ፣ በታላቅ ምስጋና እቀበላለሁ፤ ባይፈቅድም ጥያቄዬ አይለወጥም። የምግብ፣ የመኝታና የጉዞ ወጪዬን ፌዴሬሽኑ እንደሚሸፍን በደብዳቤው ላይ ተገልጿል። ከደመወዜ በየወሩ የሚቆረጠውን የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ተመላሽ፣ ደመወዝ በማይከፈለኝ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ አስቀድሜ ገቢ አደርጋለሁ።

አሁን ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ከመሄዴ በፊት በሥራ አስኪያጁ የሚሰየም ኮሚቴ ባለበት፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 29 እና ረቡዕ ሚያዝያ 30፣ ሙሉ ቆጠራ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ቆጠራው እያንዳንዱን ድርድር በአካል ቆጥሮ ከቢን ካርዱና ከሂሳብ ክፍሉ የስቶክ ካርድ ጋር ማመሳከር አለበት። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ ሁለቱ አንድ ኩንታል ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ የተቀደደና ጎደሎ ሚዛን ያለው ጆንያ ከድርድሩ ወጥቶ ለብቻው ተመዝኖ እንዲጻፍ አሳስባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነውና። ውጤቱ በተረካቢው፣ በእኔና በኮሚቴው ተፈርሞ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ። እስከዚያ ቀን ያለው ንብረት በእኔ ኃላፊነት፣ ከዚያ በኋላ ያለው በተረካቢው ይሆናል፤ ለአንዳችን ጉድለት ሌላው የሚጠየቅበት መንገድ አይኖርም።

ለተረካቢነት የማቀርበው ረዳት የመጋዘን ሠራተኛችንን ነው። ሁለት የስርጭት ወቅት አብሮኝ አሳልፏል፤ የገቢ ሞዴል 19ም ሆነ የወጪ ሞዴል 22 አሞላል ያውቃል፤ በማኅበራት ተወካዮች ዘንድም የታመነ ነው። የሚቀረው የዋስትና ጉዳይ ስለሆነ፣ ለጊዜያዊ ኃላፊነቱ የሚያስፈልገውን ዋስ ከሚያዝያ 29 በፊት እንዲያቀርብ ጽ/ቤቱ ቢጽፍለት መልካም ነው። ውሳኔው ግን የክፍሉ ነው፤ ሌላ ሰው ቢመደብም በተመሳሳይ ሁኔታ አስረክባለሁ። ከግንቦት 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ተረካቢው በእኔ አጠገብ ሆኖ ራሱ ያስተናግዳል፤ እኔ አያለሁ።

በጽሑፍ ትቼለት የምሄደው ነገር አለ። አንድ ማኅበር ጭነት ሲጠይቅ፣ ከወረቀቱ በፊት የባንክ ገቢ ደረሰኙ ከሂሳብ ክፍል መረጋገጥ እንዳለበት፤ የተወካዩ የውክልና ደብዳቤ በየዙሩ አዲስ መሆን እንዳለበት፤ ቀድሞ የገባው ጆንያ ቀድሞ እንዲወጣ። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ዝናቡን ነው። ከምሥራቁ በር በላይ ያለው ቆርቆሮ ባለፈው ክረምት ያንጠባጥብ ነበር፤ ዩሪያ እርጥበት ከነካው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ገበሬው ያን መዶሻ ይዞ እየፈረከሰ መበተን የለበትም። ስለዚህ ጥገናው እኔ ከመሄዴ በፊት እንዲያልቅ፣ ካልተቻለም በዚያ በር በኩል ያሉት ፓሌቶች ወደ ውስጥ እንዲገቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። በካምፕ ሳለሁም ከልምምድ ውጭ ባለው ሰዓት ስልኬ ክፍት ነው፤ ተረካቢው የሚቸግረው ነገር ቢኖር ማታ ማታ ይደውልልኝ።

ሰኔ 24 ስመለስ የበጀት ዓመቱ ስላልተዘጋ፣ ለዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ እኔው እገኛለሁ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድም ቢያስፈልግ እሠራለሁ።

ይህ ጥያቄ ይህን ሻምፒዮና ብቻ የሚመለከት ነው። ከዱዋላ በኋላ ሌላ ጥሪ ቢመጣ በራሱ ጊዜ ለብቻው አቀርባለሁ፤ አስቀድሞ የተፈቀደ አድርጌም አልቆጥረውም። ጉዳት ደርሶብኝ ወይም በሌላ ምክንያት ከቡድኑ ብቀነስ በማግሥቱ ለክፍል ኃላፊዬ አሳውቄ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ያልተጠቀምኩበት ፈቃድም ተመላሽ ይሆናል።

ፌዴሬሽኑ የተሳትፎ ማረጋገጫዬን እስከ ሚያዝያ 24 ቀን ስለሚጠብቅ፣ ውሳኔው እስከ ማክሰኞ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቃል ማስረዳት የሚያስፈልግ ከሆነም በተባለው ሰዓት ከክፍል ኃላፊዬ ጋር እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ምሕረት ኤርሚያስ
የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ

አባሪ፦ የፌዴሬሽኑ የጥሪ ደብዳቤ ቅጂ 1 ገጽ፣ የካምፕና የጉዞ ፕሮግራም 2 ገጽ፣ የርክክብ ማስታወሻ ረቂቅ 3 ገጽ

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር
ለሂሳብና ፋይናንስ ክፍል
ለሠራተኞች ቁጠባና ብድር